ይድረስ ለጋሽ ፎቶ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ፎቶ፤

እኔና ቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ እሱንም ለምደነዋል። አዲስ አበባ ልጅዎ ዘንድ መግባትዎን የነገሩኝ ከሱቅዎ አጠገብ ልብስ ይሰፉ የነበሩት ጎረቤትዎ ናቸው። ሣጥኖችዎን አንድም ሳይቀር ጭነው እንደሄዱም አጫወቱኝ። ይህን ስሰማ ነው ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት። ሱቁ አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። የበሩ መስታወት ግን እንደነበረ ነው፤ መንገደኛው ዛሬም ቆም ብሎ ፀጉሩን ያስተካክልበታል።

"ጋሽ ፎቶ" ማለቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ከተማው የሚያውቅዎት በዚሁ ነው። ሙሉ ስምዎን ፍለጋ የፎቶውን ጀርባ ገልብጬ ማኅተሙን አየሁት፤ ማኅተሙም የሱቁን ስም ተናግሮ ባለቤቱን ሳይጠራ ያልፋል። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ስማቸው የትም አለመጻፉ ይገርማል። የዛሬው ጉዳዬ ግን የሌሎች ስም ስለሆነ የእርስዎን በይደር ልለፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ እርስዎ በየዓመቱ እየመጡ ፎቶ ያነሱበት በነበረው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። እኔም የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ሆኛለሁ። እንዴት ተመረጥክ ቢሉኝ፣ ምርጫው የተደረገ ቀን ባለመገኘቴ ነው። ባለፈው ሰሞን የንብረት ክፍሉ ሲጸዳ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጀርባ አንድ በመስታወት የታሸገ ፎቶ ተገኘ። ከጀርባው በእርሳስ "1975 ዓ.ም." ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የእርስዎ ማኅተም አለ። ርእሰ መምህሩ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ይሰቀል አሉ፤ ግን ስም የሌለው ፎቶ አልሰቅልም አሉ። እኔም ሳላስበው "ይሄንን እኮ ያነሱት ጋሽ ፎቶ ናቸው፤ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ሆኜ በመስኮት አይቻለሁ" አልኩ። በስብሰባ ላይ አንዲት ነገር የሚያውቅ ሰው ሥራው ወዲያው የእሱ ይሆናል። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ ሰፈረ።

ፎቶውን ያስታውሱት ይሆናል፤ ባያስታውሱትም አልቀየምዎትም። አራት ረድፍ ነው። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የቆሙ 12፣ ከፊታቸው መሬት ላይ የቆሙ 12፣ ተቀማጮቹ የያኔውን ርእሰ መምህርና የክፍሉን ኃላፊ ጨምሮ 11፣ ሣር ላይ እግራቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ 10። በጠቅላላው 45 ሰው፣ 43ቱ ተማሪ። የስምንተኛ ሀ ክፍል ናቸው። አንድም የሚስቅ የለም። የደብረ ብርሃን ጠዋት ስለሆነ ግማሾቹ ትከሻቸውን ሰብቀዋል፤ ርእሰ መምህሩማ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል።

ከሁሉ በፊት ስሙ የተገኘው ልጅ ማን መሰለዎት? ፊቱ የማይታየው ነው። ሣሩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ እርስዎ መዝጊያውን ሲጫኑ አንገቱን አዙሮ ኖሮ ፊቱ ጭስ ሆኗል። ፎቶውን ያሳየሁት ሰው ሁሉ ዓይኑን እዚያ ጭስ ላይ ጣል እንዳደረገ "ይሄማ እገሌ ነው!" አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የማያውቅ ልጅ ነበርና ለአንዲት ሴኮንድ ቁራጭ ጸንቶ ይቀመጣል ብሎ የጠበቀ የለም። ተስተካክለው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው የተነሱትን ጨዋ ልጆች ግን የሚያስታውሳቸው ጠፋ። ከዚህ የምንማረውን ለልጄ አልነገርኳትም።

በመጀመሪያ ፎቶውን ለኅብረቱ ስብሰባ አቀረብኩት። ትልቅ ጫጫታ ሆነ። ከኋላ ረድፍ አንዱን ልጅ ጣቴን ብቀስርበት አንዱ "ጌታቸው ነው" አለ፤ ሌላው "ኧረ ማሙሽ ነው!" ብሎ ተቆጣ፤ አንዲት እናት ደግሞ "ጥርሶ አይደለም እንዴ?" አሉ። ክርክሩ ሊጋጋል ሲል ነገሩ ተገለጠ። ሦስቱም ልክ ናቸው። ጌታቸው የመዝገብ ስሙ ነው፤ ማሙሽ ቤት ውስጥ የሚጠራበት፤ ጥርሶ ደግሞ ሰፈር የሸለመው። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ቄስ ስብሰባው ላይ ስላልነበረ አራተኛውን ሳንሰማ ቀረን። እኛ አገር አንድ ሰው ይህን ያህል ስም እያለው እንዴት ስም አጥቶ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል የሚገርም ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ በስብሰባ ስም መጠየቅ ተውኩ። በስብሰባ ላይ ድምፁ የጎላ ሰው አንድ ስም ሲጠራ የቀረው "አዎን፣ አዎን፣ አሁን ትዝ አለኝ" ይላል። ትዝ ያለው ልጁ ሳይሆን የጎረቤቱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሰውን ለየብቻው፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ እጠይቅ ጀመር። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ስም ከጠሩ በብዕር አሰፍራለሁ። አንድ ሰው ብቻ ከጠራው በእርሳስ እጽፈዋለሁ። የጠራው ከሌለ ባዶ ይቆያል። በዚህ መንገድ 21 ልጆች በብዕር ገቡ፤ 22 ቀሩ።

ሁለተኛው ፈተና ግራና ቀኝ ሆነ። "ከቀኝ ሦስተኛው" ሲሉኝ የማን ቀኝ? የእኔ የተመልካቹ ወይስ እዚያ የቆሙት ልጆች? ሽማግሌዎቹ የፎቶው ውስጥ ሰው ሆነው ነው የሚቆጥሩት፤ ወጣቶቹ እንደ ጋዜጣ ያነባሉ። ይህን ለመገላገል በፎቶው ላይ ስስ ወረቀት አንጥፌ የእያንዳንዱን ጭንቅላት ቅርጽ በእርሳስ ከበብኩና በውስጡ ቁጥር ጻፍኩ። ከኋላ ረድፍ ጀምሮ ከ1 እስከ 45 ነው። ከደብዳቤው ጋር ግልባጩን ልኬልዎታለሁ። ከእንግዲህ ግራም ቀኝም የለም፤ "ቁጥር 8" ካሉ ቁጥር 8 ነው። ፎቶው ራሱ ላይ አንዲት ነጥብ አላሳረፍኩም፤ ጀርባው ላይም እስክሪብቶ አላስነካሁም፤ ተጭነው ሲጽፉበት በፊት በኩል ጎርብጦ እንደሚወጣ ከእርስዎ ሱቅ ነው የተማርኩት።

ቁጥሩ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ናዝሬት የሚኖሩ የቀድሞ አስተማሪ የዚያኑ ፎቶ ቅጂ አላቸው። በስልክ "ከኋላ ረድፍ ጫፍ ላይ ያለው ረጅሙ ልጅ" ስላቸው "አዎን፣ በቀኜ ጫፍ" አሉኝ። እኔ ጋ ያለው ግን በግራዬ ጫፍ ነው። እዚህም ግራና ቀኙ እንደ ሽማግሌዎቹ መስሎኝ በትዕግሥት ላስረዳቸው ስሞክር ፎቶውን በስልክ አንስተው ላኩልኝ። እውነታቸውን ነው። ያው ሣር፣ ያው ጋቢ፣ ያው ጭስ የሆነ ፊት፤ ግን ሁሉም እንደ መስታወት ተገልብጧል። ጋሽ ፎቶ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲታተም ኔጋቲቩ በጀርባው ተኝቶ ነበር ማለት ነው። በአንድ ቀን ያን ሁሉ ቅጂ በቀይ መብራት ሲያወጡ ያመሹ ሰው ላይ ይህ ወቀሳ አይደለም፤ ምናልባትም ያን ምሽት የሚያግዝዎት ልጅ ነበር፤ እሱ ላይ እናሳብብ።

ለስም ብቻ ቢሆን ኖሮ መገልበጡ ምንም አይጎዳም ነበር። አስተማሪውን "መጀመሪያ ረጅሙን ልጅ ያግኙ፣ ከእሱ ጀምረው ይቁጠሩልኝ" አልኳቸው፤ ተግባባን። የቁጥር 8 ነገር ግን በዚህ አይፈታም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ከሁሉ በላይ እሱ ነውና ላጫውትዎ።

እዚሁ ከተማ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ያን ዓመት ስምንተኛ ሀ ነበር፤ ዕድሜው ከክፍል ጓደኞቹ ከፍ ያለ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በዚያው በ1975 እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጁ ከዚያ በኋላ ሄደ፤ አልተመለሰም። እናትየው የልጃቸው ፎቶ የላቸውም። ስለ ክፍሉ ፎቶ ሲሰሙ ወደ እኔ ላኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊት መለየት አይችሉም። "የግራ ቅንድቡን እዩልኝ፤ ከዛፍ ላይ ወድቆ ጠባሳ አለው" አሉኝ። ከቀሩት 22 መካከል ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው አንድ ልጅ ብቻ አለ፤ ቁጥር 8። ጠባሳው ግን በእኛ ቅጂ የቀኝ ቅንድቡ ላይ ነው። የእኛ ቅጂ ትክክል ከሆነ ልጁ የእሳቸው አይደለም። የተገለበጠው የእኛ ከሆነ ልጁ ያ ነው።

እንግዲህ የትኛው ቅጂ ቀጥ ያለ እንደሆነ ለማወቅ ያልሞከርኩት የለም። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፤ የደረት ኪሱም በግራ ነው፤ ይህን አይቶ መለየት ቀላል ነው። ኮት የለበሱት ግን ርእሰ መምህሩ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። የክፍሉ ኃላፊ አንገቱ ክብ የሆነ፣ ቁልፍ የሌለው ሹራብ ለብሰዋል። ቁልፍ ያለው ሹራብ የለበሱ ወንዶች ልጆች አሉ፤ ግን የእህታቸው ነው ወይስ የራሳቸው? የሴት ልብስ አቆላለፉ ተቃራኒ ስለሆነ ቆጥሬ ብመለከት ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይደረባል። በብርድ አገር ልጅ የሚለብሰው ያገኘውን ነው። የእጅ ሰዓት ያሰረ አንድ ልጅ አለ፤ እጁን ኪሱ ከቷል።

የቀረኝ ተስፋ ፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ የያዘው ትንሽ ሰሌዳ ነበር። ጽሑፍ ሲገለበጥ ወዲያው ይታወቃል ብዬ አጉሊ መነጽር ተበድሬ አየሁት። የተጻፈው "8ኛ ሀ" ነው። ስምንት ቁጥር ቢገለብጡት ያው ስምንት ነው። "ሀ" ፊደልም ቢገለብጡት ያው "ሀ" ነው። የሚያሳብቀው "ኛ" ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ ደግሞ ልጁ አውራ ጣቱን አኑሮበታል። ክፍሉ ስምንተኛ ለ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አላስቸግርዎትም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው። ኔጋቲቩ ከሣጥኖችዎ በአንዱ ውስጥ ካለ፣ የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ እርስዎ፣ ደብዛዛው ገጽ ወደ ብርሃኑ ሆኖ በመስኮት በኩል ይዩት። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ፋብሪካው ያተመው ፊደልና ቁጥር በትክክል ከተነበበ አያያዝዎ ልክ ነው፤ ያዩትም ልጆቹ በዕለቱ እንደቆሙት ነው። ከዚያ ረጅሙ ልጅ በየትኛው ጫፍ እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ። በግራዎ ከሆነ የእኛ ቅጂ ቀጥ ያለ ነው፤ በቀኝዎ ከሆነ የእኛው ነው የተገለበጠው። ለአንዲት እናት መልስ የሚሆነው ያች አንዲት ቃል ናት።

ይህን የእጅ ሙያ ለእርስዎ ማስተማሬ ለቄስ ቅዳሴ እንደማስተማር መሆኑ ይገባኛል። ግን ሣጥኑን የሚከፍትልዎት የልጅ ልጅዎ ሊሆን ይችላልና ለእሱ ሲባል ጥቂት ልጨምር። ፊልሙን በጠርዙ ይያዘው፤ መሐሉን በጣቱ አይንካው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያንሳው፤ በአፉ እፍ አይበልበት፣ በጋቢ ጫፍም አይጥረገው። ተጣብቀው የቀሩ ፊልሞች ካገኘ አይላጣቸው፤ እንዳሉ ያቆያቸው። ሣጥኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ የፊልሙ ፕላስቲክ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነውና የሚሸተውን ከሌላው ለይቶ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ያስቀምጠው። እኔ ግን ተስፋ አለኝ፤ ፊልም የሚያበላሸው ሙቀትና እርጥበት ነው፤ ሣጥኖቹ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ለሰው ክፉ የሆነው ብርድ ለፊልም ደግ ነው። ወደ እኔ መላክም ከባድ አይደለም፤ አንዱን ስልክ ነጭ ብርሃን አብርቶ ያስተኛው፣ ፊልሙን ከላዩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዘው፣ በሌላው ስልክ ያንሳው። ጥቁሩን ነጭ ማድረጉን እኛ እንችልበታለን።

ሁለተኛው ልመናዬ፤ የቡድን ፎቶ ሲያነሱ አንድ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን ብለው ሁለት ጊዜ ይጫኑ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ "አንድ ለእኔ!" ይሉ ነበር። ያ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ካለ ጥቂት ፊቶች ይተርፉ ይሆናል። በእኛ ቅጂ ቁጥር 31 አስነጥሳለች መሰለኝ፣ ቁጥር 14 ደግሞ በፊቱ ባለው ልጅ ፀጉር ተሸፍኖ ግንባሩ ብቻ ይታያል። በግንባር ብቻ ሰው መለየት ለእናቱም ይከብዳል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ትምህርት ቤቱ የዚያን ዓመት የስም መዝገብ አግኝቷል፤ አይጥ ዳር ዳሩን እንጂ ስሙን አልነካውም። 52 ስም አለበት። ፎቶው ላይ ያሉት 43 ናቸውና 9ኙ ያን ቀን አልነበሩም። የታወቁትን 21 ስቀንስ 31 ስም ይተርፈኛል፤ ስም ፈላጊ ፊት ደግሞ 22። ስሙም አለን፣ ፊቱም አለን፤ ሁለቱን የሚያጋባ ሽማግሌ ነው ያጣነው። ያ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት ብዬ አምናለሁ።

አይታወሱኝም እንዳይሉኝ። እኔ የምለምንዎት እንዲያስታውሱ አይደለም። በዚያ ዘመን በዓመት ስንት ልጅ ከካሜራዎ ፊት አልፎ ነበር፤ ማን ያስታውሰዋል? የምለምንዎት ደብተርዎን ነው። እነዚህ ልጆች በዚያው ዓመት ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበሩ። ለፈተናው ጉርድ ፎቶ አምጡ ሲባሉ በየተራ ተሰልፈው የመጡት እርስዎ ጋ ነው። እርስዎም በደብተር ቁጥርና ስም እየጻፉ፣ ያንኑ ቁጥር በፊልሙ ጠርዝ ላይ በጥቁር ቀለም ያሰፍሩ ነበር፤ ይህን ያየ ሰው ከእኔ ሌላም አለ። እንግዲህ ደብተሩና የጉርዶቹ ኔጋቲቭ ከተገናኙ ስምና ፊት አንድ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። እዚህ ያለውን ማመሳሰል ለእኔ ይተዉልኝ።

ማመሳሰሉም ቢሆን ወጥመድ አያጣም፤ በጥቂቱ ሞክሬዋለሁ። ልብስ አይረዳም፤ ወንዶቹ ሁሉ በጉርዱ ላይ የለበሱት የሱቁን ያንኑ አንድ ኮት ነው፤ ትከሻው ለአንዱ ሰፍቶ ለሌላው ጠቦ ይታያል። ፀጉርም አይረዳም፤ ለጉርድ ሲባል ዋዜማውን ተከርክመዋል። ጠባሳም አያስተማምንም፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ሹል እርሳስ ይዘው ኔጋቲቩ ላይ ጠባሳውንም ብጉሩንም እያለሰለሱ ያጠፉት ነበር። የቁጥር 8 ጉርድ ቢገኝ ቅንድቡ ንጹሕ ሆኖ ይወጣ ይሆናል፤ እናቱ ያን ጊዜ ተደስተው ይሆናል፤ እኔ ግን ዛሬ ያን እርሳስ ባልያዙ ኖሮ እላለሁ። የሚታመነው ጆሮ ነው። "ጆሮህ ይታይ!" እያሉ ሻሹንም ኮፍያውንም ያስወልቁ ነበር፤ የጆሮ ቅርጽ ደግሞ እንደ ፀጉር በሳምንት አይለወጥም። ጆሮና የጥርስ ክፍተት ሁለቱ ከተስማሙ በብዕር እጽፈዋለሁ።

ስሞቹም ራሳቸው ያስቸግራሉ። መዝገቡ ላይ ሦስት አልማዝና አራት ተስፋዬ አሉ፤ ሁለቱ ተስፋዬዎች የአባታቸው ስም ጭምር አንድ ነው፤ የሚለያቸው አያታቸው ነው። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ "ተስፋዬ" ብቻ ብለው ጽፈው እንደሆነ አጠገቡ ያለውን ምልክት ሁሉ ይላኩልኝ፤ "የዳቦ ቤቱ"፣ "ረጅሙ"፣ "ከጠባሴ" የሚል ነገር ይኖራል። ለሴቶቹ ግን አንድ ምቾት አለን። እኛ አገር ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅምና ዛሬ አያት ብትሆን እንኳ በዚያው በ1975ቱ ስሟ እናገኛታለን። እስካሁን ከተገኙት 21 ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ወንዶቹ ስማቸው ባይለወጥም አድራሻቸው ጠፍቷል።

አራተኛውን ልመናዬን ሳቀርብ ትንሽ አፍራለሁ። የዱቤ ደብተር ነበርዎት። የቡድኑ ፎቶ ሲታደል ገንዘብ ያልነበረው ልጅ "ነገ አመጣለሁ" እያለ ይወስድ ነበር። እርስዎም ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አባቱ የሚሠራበትን ቦታና የቤታቸውን አቅጣጫ ሳይቀር ይጽፉ ነበር፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያን ያህል አይጽፍም። የከፈለውን ይሰርዙታል፤ ያልከፈለው ይቆያል። እንግዲህ ከሁሉ የተሟላው የስምንተኛ ሀ መረጃ በዚያ ደብተር ላይ ሳይሰረዝ የቀረው ነው ማለት ነው። በወቅቱ የከፈለ ልጅ ስሙ ተሰረዘ፤ ያልከፈለው ግን እስከ ዛሬ በክብር ተመዝግቦ ይገኛል። ከፈለጉ ስማቸው የተገኘውን ባለዕዳዎች ሁሉ እየዞርኩ አስከፍልልዎታለሁ፤ አንዱ አሁን የሦስት ፎቅ ባለቤት ነው፤ እሱን ከነወለዱ እንጠይቀዋለን።

አንድ ነገር በትሕትና ልጨምር። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ስም ለእኔ ደስታ ብለው አይጥሩልኝ። ይህ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰው ቆሞ ያነበዋል። ስም አጥቶ የቀረ ፊት ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሊጠራው ይችላል። የተሳሳተ ስም የተጻፈበት ፊት ግን ከእንግዲህ የሚጠይቅለት የለም፤ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎ ይቀራል። ለዚያች እናት የሌላ ሰው ልጅ ፊት አሳይተን "ልጅዎ ይኸው" ከምንላቸው "እስካሁን አልታወቀም" ብንላቸው ይሻላል። ከፎቶው ሥር ለቀሩት "ስማቸው ያልታወቀ" ተብሎ ቁጥራቸው እንዲጻፍ ኅብረቱን አስማምቻለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አራት ነው፤ ረጅሙ ልጅ በየት በኩል እንዳለ፣ ሁለተኛው ኔጋቲቭ፣ የጉርዶቹ ደብተርና የዱቤው ደብተር። አራቱም ባይገኙ የመጀመሪያው ይቅደም። መልሱን በስልክ አይስጡኝ፤ የእኔ ጆሮ "ቀኝ" እና "ግራ" መስማት ካቆመ ቆይቷል። የላክሁልዎትን ባለቁጥር ወረቀት ከኔጋቲቩ ሥር ዘርግተው፣ ረጅሙ ልጅ "በወረቀቱ ቁጥር 1 ባለበት በኩል" ወይም "በወረቀቱ ቁጥር 12 ባለበት በኩል" ነው ብለው በጽሑፍ ይላኩልኝ። የመልእክተኛውን ወጪ ኅብረቱ ይችላል፤ በዱቤ አይደለም። በደብዳቤው መጨረሻ ላይም ሙሉ ስምዎን ከነአባትዎ ይጻፉልኝ፤ ከፎቶው ሥር "ያነሱት" ብለን በመጀመሪያ የምናሰፍረው እሱን ነው።

አክባሪዎ፣
የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ፣ ደብረ ብርሃን